ሁለት ጣሪያ ሠሪዎች፦ አንዱ በ77 ሺህ ብር ይረክሳል፣ ሌላው የጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 2፡20)

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴን ቤት ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ መቀየር አለብን። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን ስፋቱ 8 በ10 ሜትር ነው፤ ጣሪያው በሁለት ወገን የተዳፋ የተለመደው ዓይነት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ በየቦታው ተበስቷል። ከሥሩ ያለው እንጨት ምን ያህል እንደተጎዳ ኮርኒሱ ስለሸፈነው አናውቅም። በአንድ ጎን ጎረቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ስለሠራ የጣሪያችን ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ባለፈው ክረምት ብዙው ውኃ የገባውም በዚያ በኩል ነው።

ሁለት ባለሙያዎች መጥተው አይተው ዋጋ ሰጡን። አንደኛው ራሱ አናጢ ነው፤ ከሁለት ረዳቶች ጋር ይሠራል። ዕቃና ጉልበትን ጨምሮ 185 ሺህ ብር ብሏል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጣሪያ ማፍረስና መክደን ከነዕቃው»። ሁለተኛው ቢሮና ማኅተም ያለው ድርጅት ነው። 262 ሺህ ብር ጠይቆ የአምስት ዓመት የጽሑፍ ዋስትና እሰጣለሁ ብሏል።

ወንድሞቼ «ለአንድ ወረቀት 77 ሺህ ብር አይከፈልም» ይላሉ። እናቴ ደግሞ ማኅተሙን ካየች ወዲህ ልቧ ወደዚያ ሄዷል። የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሽምብጥ ሰፈር (ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 2፡51)

እህቴ፣ ወንድሞችሽ ልክ ናቸው። ዋስትና የሚባለው ነገር ደንበኛ መሳቢያ ነው። ዋናው የቆርቆሮው ውፍረት ነው። 28 ጌጅ አስመጪና ለአናጢው ስጪው፤ ማንም ቢከድነው አያፈስም። እኛ ቤት 28 ጌጅ ከተከደነ ወዲህ አንድ ጠብታ አላየንም።

ባለ ሳር ክዳን (ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡30)

እኔ ዘጌ በኩል ሐይቁ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ ጣሪያው ሳር ነው። እኛ ዘንድ ዋስትና ብሎ ነገር የለም። ሳሩ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ጠቅጠቅ ተደርጎ ካልተከደነ ውኃው ሳይወርድ ውስጡ ያድራል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። የምመክረው ከዳኙ ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ሦስት ዓመት ሲሞላው ሄዶ ማየት ነው። እናትሽ ሳር ቢያስከድኑ ደግሞ ቤቱ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ቀዝቃዛ ይሆንላቸዋል።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡44)

ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ የእኛ ግን ቆርቆሮ ነው። መሐል ከተማ ሳር ብንከድን ጎረቤቶቻችን እሳት ፈርተው እንቅልፍ ያጣሉ።

ሞራሌ (ግንቦት 5፣ ከጧቱ 1፡15)

እንደምን አደሩ። በጣሪያ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጉልበቴ ስላልሆነ መሰላል አልወጣም። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ሁለቱ ዋጋ የሰጡት ለአንድ ዓይነት ሥራ መሆኑን ያጣሩ። በአንድ መስመር የተጻፈ ዋጋ ስለ ሥራው ምንም አይናገርም። ሁለቱንም ደውለው እነዚህን ይጠይቁልኝ፦ ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው? ከቆርቆሮው ሥር የሚጋደመው ማገር በስንት ርቀት ይመታል? ማያያዣው ምስማር ነው ወይስ ጎማ ያለው ብሎን? ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኘው ጫፍ በምን ይዘጋል? ሲፈርስ የበሰበሰ እንጨት ቢገኝ ማን ይከፍላል?

የዋስትናውንም ቃል እንዳለ እዚህ ይጻፉት። ከርእሱ ይልቅ ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ።

የቤትዎ ጣሪያ የክፈፉ ትርፍ ተጨምሮ ወደ 100 ካሬ ሜትር ይመጣል። የባሕር ዳር ዝናብ በአንድ ምሽት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 4,000 ሊትር፣ ማለትም ሃያ በርሜል ውኃ በዚያ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ አንድ ባልዲ ብቻ መንገድ ቢያገኝ ኮርኒስዎ ይወድቃል።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 6፣ ከቀኑ 11፡05)

ጋሼ፣ ሁለቱንም ጠየቅኋቸው። አናጢው 30 ጌጅ ቆርቆሮ ነው አለኝ። ማገሩን በየ1 ሜትር ከ20 ይመታል፣ በቆርቆሮ ምስማር ያያይዛል። የጎረቤቱን ግድግዳ «በሲሊኮን ድምጥማጡን እዘጋዋለሁ» ብሏል። ስለ በሰበሰ እንጨት ስጠይቀው «ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለ።

ድርጅቱ 28 ጌጅ ነው አለ፤ የተሰበረ መስመር ያለውና ኢጋ የሚባለው ዓይነት ነው። ማገሩ በየ80 ሳንቲ ሜትር ይመታል፣ ማያያዣው ጎማ ያለው ብሎን ነው። ግድግዳው ተቆርጦ የታጠፈ ላሜራ ይገባበታል ብለዋል። ለሚቀየር እንጨት የሜትር ዋጋ ጽፈዋል።

ዋስትናው እንዲህ ይላል፦

«ድርጅቱ ለሠራው ሥራ የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ዋስትናው በነፋስ፣ በበረዶ፣ ከመጠን ባለፈ ዝናብና በሌሎች የተፈጥሮ ክስተቶች የሚደርስ ጉዳትን አይጨምርም። ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ሰው ጣሪያው ላይ ከወጣ ዋስትናው ይቋረጣል። ለጥገና የሚያስፈልግ ዕቃ ዋጋ በደንበኛው ይሸፈናል።»

ቀበሌ 14 (ግንቦት 6፣ ከቀኑ 11፡20)

ነፋስ፣ በረዶና ዝናብ ከወጡለት ጣሪያውን ምን ያገኘዋል? ድመት?

ሽምብጥ ሰፈር (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 12፡02)

አላልኩም? ወረቀቱ ባዶ ነው። የድርጅቱን ጌጅ ይዘሽ ለአናጢው ስጪው፣ አለቀ። ምስማሩንም ቆርቆሮው ጉብ ባለበት ላይ እንጂ ጎድጓዳው ውስጥ እንዳይመታ ቁሚበት። ጎድጓዳ ላይ የተመታ ሁሉ ያፈሳል።

ሞራሌ (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 1፡40)

ወንድሜ ስለ ጌጁ ልክ ነዎት፤ ስለ ምስማሩም ግማሹ ልክ ነው። ክብ ሞገድ ባለው ቆርቆሮ ላይ ምስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፤ በጎድጓዳው ውስጥ ውኃ ይሄዳልና። ኢጋ ላይ በጎማ ብሎን ሲታሰር ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋው ላይ ነው የሚታሰረው፤ እንጨቱ እዚያ ቆርቆሮውን ይነካዋል። ጎማውም በልኩ ከተጫነ ይዘጋል። እንዳይጨመቅም እንዳይላላም ነው ጥበቡ። ጎማው ከብሎኑ ራስ ሥር ተጨፍልቆ ወደ ጎን ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ በሁለት ዓመት ፀሐይ ይሰነጠቃል።

«ማንም ቢከድነው አያፈስም» ያሉት ግን አልስማማበትም። የእኚህን እህት ቤት ያፈሰሰው የቆርቆሮው ቀጭንነት ብቻ አይደለም። የግድግዳውን ጫፍ ልብ ይበሉ። የቆርቆሮው ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ከጉልላቱ ወደ ሁለቱም ወገን ሲወርድ በጠቅላላው ዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በአንድ ወገን አምስት ሜትር የሚጠጋ ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይረዝማል፣ ሌሊት ያጥራል፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ግን ባለበት ነው። በየቀኑ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሲሊኮን፣ ያውም አቧራ ባለበት ልስን ላይ የተለጠፈ፣ ስንት ጊዜ ይቆያል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክረምት ያልፋል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሠሪው ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ነው የሚለቀው።

ደህና የሚሠራው እንዲህ ነው። ከቆርቆሮው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ በመቁረጫ ዲስክ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይከፈታል። የታጠፈው ላሜራ የላይ ጠርዙ በቦዩ ውስጥ ይገባል፤ በሲሚንቶም ይደፈናል። የታችኛው ክንፍ በቆርቆሮው ላይ ይተኛል፤ ቢያንስ ሁለት ጉብታ ይሸፍናል። ቆርቆሮው ላይ ግን አይጣበቅም። ቆርቆሮው ከሥሩ እየተንሸራተተ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ላሜራው ግድግዳውን ይዞ ይቀመጣል። ይህ ሥራ ከዋጋው ልዩነት ውስጥ ጉልበትም ዕቃም ይወስዳል፤ ድርጅቱ ያለ ምክንያት አልተወደደም።

አሁን ወደ ዋስትናው ልመለስ። ሰዎች «የአምስት ዓመት ዋስትና» ሲሰሙ ሁሉም ብልሽት በአንድ ቀን የሚታይ ይመስላቸዋል። ብልሽቱ የሚታየው ግን በየተራ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ የተሰጣችሁ እንደሆነ የሚታየው ዕቃው ከመኪና በወረደበት ቀን ነው፤ ያ ካለፈ በአምስትና በስድስት ዓመት ዝገት ሆኖ ነው የሚመጣ። የመደራረቡና የመዝጊያው ስሕተት በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ይታያል። የእንጨቱ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተመታ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጠብቆ የነበረው ምስማር ላላ ብሎ ራሱን ያነሳል፤ ነፋሱም ቆርቆሮውን ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠበቂያው የተለየ ነው። ለመጀመሪያው ዓይንዎ፣ ለሁለተኛው ክረምቱ እስኪወጣ ሳይከፍሉ ያቆዩት ገንዘብ፣ ለሦስተኛው ወረቀቱ።

ይህን ወረቀት እንዲህ እንዳለ ግን አልቀበለውም። «ከመጠን ያለፈ ዝናብ» የሚለው ይውጣ፤ ጣሪያ የሚሠራው ለክረምት ነው። «ነፋስ» ካስገባ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱን ችሎ የተነቀለ እንደሆነ የማያያዣው ስሕተት ነው ወይስ የነፋሱ? ክርክሩ እዚያ ነው። ይልቁንስ «በአሠራር ጉድለት የሚደርስ ፍሳሽና መነቀል» ተብሎ ይጻፍ። የዕቃው ዋጋም ስሕተቱ የእነሱ ከሆነ በእነሱ ላይ ይሁን።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3፡10)

እኔ ወጣት ጣሪያ ሠሪ ነኝ፤ ማኅተም የለኝም። ትንሽ እናገር። ሁሉም ሰው ርካሹን እንደ ሌባ ማየት የለበትም። እኛ ቢሮ አንከራይም፤ ማስታወቂያ የለንም፤ ቆርቆሮውን የምንመታው እኛው ነን። ማኅተም ያለው ድርጅት ዋጋ ተነጋግሮ ሲያበቃ የሚልከው በቀን የቀጠረውን ሰው ነው፤ አንዳንዴም የሚልከው እኔን ነው። ያን ጊዜ ጣሪያውን የሠራሁት እኔው ስሆን ዋስትናው ላይ የፈረመው ሌላ ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። ከማኅበር ጋር ተደራጅቼ ነበር። ማኅበሩ ዋስትና ጽፎ ሰጥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረሰ፤ አባላቱ ወደ ልዩ ልዩ ከተማ ተበተኑ። ደንበኛዋ ወረቀቱን ይዛ የት ትሂድ?

ሞራሌ (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3፡25)

ልጄ፣ የተናገርከው እውነት ነው። በውሉ ላይ የሚሠራው ሰው ስም ይጻፍ፤ ሌላ ሰው ከመጣ ደንበኛዋ ሥራውን ታስቁም።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3፡31)

ይህ ለእኛም ይጠቅመናል። ግን ጋሼ፣ 1 ሜትር ከ20 ማገር በ30 ጌጅ ላይ እርስዎ ምን ይሉታል? እኔ ብዙ ቤት ሠርቼበታለሁ።

ሞራሌ (ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3፡52)

ቆሞ ይውላል፣ አይወድቅም። ክፋቱ ሰው ሲወጣበት ነው። ቀጭኑ ቆርቆሮ በሁለት ማገር መካከል በእግር ሲረገጥ ይታጠፋል፤ ያችን ጉድጓድ ማየት ይቸግራል። ከቆርቆሮ ቆርቆሮ የተደራረበበት አጠገብ ከሆነች ውኃ ይቆምባታል፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ይሳባል። ዲሽ የሚያቆም ሰው አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ቤቱ ለዘለዓለም ያፈሳል። 30 ጌጅ ከሆነ 70፣ 28 ከሆነ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ብሎ መምታት ይሻላል። ድርጅቱ «ሌላ ሰው ከወጣ ዋስትናው ይቋረጣል» ያለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሐሳቡ ገባኝ፣ ግን «ከወጣና ጉዳት ካደረሰ» ተብሎ ይስተካከል። ዲሽ ልታስተካክል ስትወጣ የአምስት ዓመቱ ዋስትና ሊጠፋ አይገባም።

ፍርድ ቤት አካባቢ (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 4፡00)

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ የአሥር ዓመት የዋስትና ግዴታ አለበት ይላል፤ ይህን ጊዜ በውል ማሳጠርም አይቻልም ይላል። ስለዚህ ዋስትና የሚባለውን ማንም ባይጽፍልሽም ሕጉ የጻፈልሽ አለ። ርካሹን ይዘሽ በሕጉ ልትጠይቂው ትችያለሽ።

ቀበሌ 14 (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 4፡12)

ጣሪያ መቀየር «ሕንፃ መሥራት» ነው? እዚያ ላይ ጠበቆች አይጣሉም?

ፍርድ ቤት አካባቢ (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 4፡40)

ይጣላሉ። ቤቱን ሲሠራ የተከደነ ጣሪያና ባለቀ ቤት ላይ የተቀየረ ጣሪያ አንድ ናቸው ወይ የሚለው የሚያከራክር ነው። እኔ እንደማነበው ጥገናም ይገባዋል፤ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ግን የእኔ ንባብ አይደለም። ለማንኛውም ሕጉ ቢኖርም ያልተጻፈ ውል ይዞ መሄድ ከባድ ነው። አናጢው በአንድ መስመር የጻፈው ወረቀት ምን ለመሥራት እንደተስማማ አይናገርም፤ ስለዚህ ምን እንዳጓደለም ማሳየት አትችዪም።

ሞራሌ (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 5፡05)

እኔ ሕግ አላውቅም። ሚዛን ግን አውቃለሁ። ዓይንዎ ብዬ የተውኩትን ልንገርዎት። ጌጅ ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይቀጥናል። 28 ጌጅ ውፍረቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 30 ወደ 0.3፣ 32 ደግሞ ወደ 0.25 ይጠጋል። በዓይን ሲያዩት ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ቆርቆሮው ላይ የታተመውንም ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አልታመንበትም። ሞገድ ከመሆኑ በፊት ወርዱ አንድ ሜትር የነበረ የሁለት ሜትር ቆርቆሮ 28 ጌጅ ከሆነ ስድስት ኪሎ ከሩብ ይመዝናል፤ 30 ከሆነ አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ገደማ ነው። የእህል ሚዛን ያለው ጎረቤት ይፈልጉና ከክምሩ መካከል የተመረጡትን አምስት ቆርቆሮዎች በአንድ ላይ ይመዝኑ። ስንቱ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ለኢጋው ወርዱ ይለያይ ይሆናል፤ ሻጩ የጥቅሉን ወርድ እንዲነግርዎት ያድርጉ፤ በካሬ ሜትር 0.4 ሚሊ ሜትር ብረት ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ይሆናል።

ከላይኛው ይልቅ ከመካከል ይምረጡ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሽምብጥ ሰፈር (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 5፡30)

ይህን ሰምቼ ቤቴ ላይ የተረፉትን ሁለት ቆርቆሮዎች መዝኜ መጣሁ። ነገሩ 28 አይደለም። ለአሁኑ ምንም አልልም።

ቀበሌ 14 (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 5፡33)

ግን «አንድ ጠብታ አላየንም» ያልከው ታዲያ?

ሽምብጥ ሰፈር (ግንቦት 7፣ ከጧቱ 5፡41)

አላየንም ነው ያልኩት፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 1፡30)

አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ዳግመኛ ጠራኋቸው፤ ይህን መድረክ እያነበብኩ በአንድ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ጻፍኩና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠኋቸው፦ 28 ጌጅ ሚዛን ታይቶ፣ ማገር በየ80፣ ደረቅ እንጨት፣ የጎማ ብሎን፣ የግድግዳው ቦይና ላሜራ፣ አዲስ አሸንዳና የውኃ መውረጃ፣ ለበሰበሰ ወራጅ የሜትር ዋጋ፣ የድሮውን ቆርቆሮ ማውረድና ከግቢ ማውጣት።

አናጢው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቁጭ ብሎ አስልቶ 238 ሺህ ብር አለኝ። ድርጅቱ 262 ላይ ቆመ። 77 ሺህ የነበረው ልዩነት 24 ሺህ ሆነ ማለት ነው።

ከክፍያው አሥር በመቶ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲቆይ ጠየቅኋቸው። አናጢው «ይቆይ፣ ግን እንጨቱን የምገዛበት ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠኝ» አለ። ድርጅቱ አምስት በመቶ ብቻ ይቆያል አለ፤ «ዋስትና እየሰጠን ገንዘብ መያዝ ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው» ብለዋል። ዋስትናውን ግን አሻሽለው ሰጡኝ፤ ዝናቡን አወጡት፣ ነፋሱን ግን አልለቀቁም። የዕቃውን ዋጋ ደግሞ በግማሽ ተካፍለን እንሸፍን ብለዋል።

ወንድሞቼ አሁንም አናጢው ይላሉ። እናቴ «ክረምት ሲመጣ ማንን ነው የምጠራው?» ትላለች።

ሞራሌ (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡05)

ደህና ሠርተዋል። ቅድሚያ ክፍያውን ለእንጨትና ለቆርቆሮ ሳይሰጡ ዕቃውን ራስዎ ከሱ ጋር ሄደው ይግዙት፤ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን። ያን ጊዜ ከእሱ የሚጠበቀው ጉልበቱ ብቻ ነው። ባይመለስ እንኳ ቆርቆሮው በግቢዎ ይቀራል።

እናትዎ የጠየቁትን አትናቁባቸው። አናጢው የት እንደሚኖር ያውቃሉ? ቤቱ የራሱ ነው ወይስ ኪራይ? ባለፈው ዓመት የከደነው ቤት የት ነው? የእሱን ደንበኛ «ሐምሌ ላይ ስትደውሉለት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ወረቀት ከዝናብ አያስጠልልም፤ አናጢውም ስልኩን ከዘጋ አያስጠልልም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በ24 ሺህ ልዩነት ወደ ድርጅቱ እሄድ ነበር፤ ለነፋሱ ግን ተከራክሬ። ከሐይቁ በኩል ዝናቡ ሊመጣ ሲል የሚነሣው ነፋስ ነው ሰፈራችን ውስጥ ጣሪያ የሚያነሣ።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡20)

እኔ አናጢውን እመርጥ ነበር። አሥር በመቶ፣ 23 ሺህ ከ800 ብር፣ እስከ መስከረም የሚጠብቅ ሰው ክረምት ላይ ሲደወልለት ይመጣል። ድርጅቱ የሚይዝልሽ 13 ሺህ ገደማ ነው፤ በስብሰባ ላይ ነን ሲልሽ ምን ትይዋለሽ?

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡48)

ሁለታችሁም አሳማኝ ሆናችሁ ግራ አጋባችሁኝ። አንድ ነገር ደግሞ ረስቼው ነበር፦ የጎረቤቱ ግድግዳ የጎረቤቱ ነው። ሊቆረጥ ነው ብለው ሁለቱም በቀላሉ ነው የተናገሩት፤ ሰውየውን ማንም አልጠየቀም። ግድግዳው በቅርብ ነው ቀለም የተቀባ።

ሞራሌ (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 3፡15)

ይህን ሳይጨርሱ አንድም ቆርቆሮ እንዳታስወርዱ። ፈቃዱን አስቀድመው ያግኙ፤ ቢቻል በጽሑፍ፣ ቦይ ከተከፈተ በኋላ የሚደፈነውና የሚቀባው በማን ወጪ እንደሆነ ተለይቶ። ለእሱም እንደሚጠቅመው ይንገሩት፤ በዚያ ጫፍ የሚገባው ውኃ የእሱን ግድግዳም ያረጥባል፤ ከውስጥ በኩል ቀለሙ ተልጦ እንደሆነ ይጠይቁት።

አሻፈረኝ ካለ ሌላ መንገድ አለ፤ የተሻለ አይደለም። የላሜራው ላይኛ ጠርዝ ሳይቆረጥ ግድግዳው ላይ በጠፍጣፋ ብረት ተጭኖ በፊሸር ይታሰራል፣ ላዩ ላይ ብቻ ማጣበቂያ ይሞላል። ያ ማጣበቂያ በየጊዜው መታየት አለበት። ለዚያ ደግሞ የአምስት ዓመት ዋስትና የሚሰጥ ሰው ካለ አንብቤ ማየት እወዳለሁ።

ባለ ሳር ክዳን (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 3፡40)

ጎረቤቱ ፎቅ ሲሠራ ከእናታችሁ ጣሪያ ስንት ርቆ መሥራት ነበረበት? ጥፋቱ የማን ነው?

ፍርድ ቤት አካባቢ (ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 4፡05)

ይህ ሌላ ክርክር ነው፤ ለዚህ ክረምት አይደርስም።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት (ግንቦት 16፣ ከቀኑ 10፡30)

እናቴ ራሷ ሄዳ አነጋገረችው። እሱም መኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ ቀለሙ እንደተላጠ አሳያት፤ ምንጩ የእኛ ጣሪያ እንደሆነ ገና ያን ቀን ነው የሰማው። ቆርጣችሁ ግቡ፣ ግን ቦዩን ስትከፍቱ እኔ እኖራለሁ ብሏል። ቀለሙን እኛ እናስቀባለን።

አናጢውን መረጥን። እናቴ አልወደደችውም። እኔ ያመንኩት ያደረገው አንድ ነገር ነው፦ ባለፈው ዓመት የከደነው ቤት ድረስ ወስዶ አሳየኝ፤ የቤቱ ባለቤት በሐምሌ አንድ ምሽት ደውላለት በማግሥቱ እንደመጣ ነገረችኝ። ያችም ቤት ግን ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ ጫፍ የላትም።

ዕቃውን ቅዳሜ አብረን እንገዛለን። ጋሼ፣ አምስት ቆርቆሮ ብመዝን ይበቃል ወይስ ከየክምሩ ነው?

ሞራሌ (ግንቦት 16፣ ከቀኑ 11፡02)

ክምሩ ከአንድ ጥቅል ከሆነ አምስት ይበቃል። ሁለት ዓይነት ክምር ካዩ ከየአንዱ ይመዝኑ። ላሜራውንም አትርሱ፤ ለጠርዙ የሚሆነው ከጣሪያው የቀጠነ እንዳይሆን። ሥራው ሲያልቅ ቀሪውን ከመክፈልዎ በፊት እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው በኮርኒሱ ቀዳዳ ይግባና ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ብርሃን የሚገባባትን ሁሉ በኖራ ምልክት ያድርግ። ከዚያም በግድግዳው ጫፍ ላይ ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል በጎማ ውኃ ልቀቁበት። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው የት እንደገባ አይታወቅም።